የማን ሙሉ?

በእኛ አገር ሰርግ ላይ ሥራ ሲከፋፈል «ምን ትችላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእጅህ ያለው ይታይና ሥራው ይሰጥሃል። መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ዳስ ይጥላል፣ ቢላ የያዘ በሬ ይገፍፋል፣ ባዶ እጁን የቆመ ጠላ ይቀዳል። እኔ እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ ነበር። ደብረ ታቦር የማስተምር መምህር ስለሆንሁ እስክሪብቶ ከኪሴ አይለይም። አጎቴ ዳሱ በር ላይ ሆኖ ከሩቅ አየኝና «በል፣ አንተ መዝጋቢ ነህ» አለኝ። የሰርግ ሹመት እንዲህ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ይግባኝም የለውም።

ወሩ ጥር ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ቦታው ላይ ጋይንት፣ ከነፋስ መውጫ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ጎጥ ነው። ሙሽራው የአጎቴ ልጅ ነው። አጎቴ ሚስቱን ያገባው ከስማዳ ነው፣ ታላቅ እኅቱ ደግሞ የተዳረችው እስቴ ነው። ስለዚህ ዘመዱ በሦስት ወረዳ ተበትኗል። ከወገዳ የመጣው በአንድ በኩል፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው በሌላ በኩል፣ የጎጡ ሰው በሁሉም በኩል ወደ እኔ ጠረጴዛ ይጎርፍ ጀመር።

ጠረጴዛ ያልሁት ለአክብሮት ነው። ሦስት እግር ነበረው፤ አራተኛው እግር ድንጋይ ነው። በላዩ ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ አፉ የተቀደደ የእንጨት ሣጥንና አንድ ሌላ ድንጋይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ድንጋይ የደብተሩ ነው። ነፋስ መውጫን ነፋስ መውጫ ያለው ሰው እንዳልተሳሳተ የገባኝ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው፤ የጻፍሁት ገጽ ተገልብጦ ባልጻፍሁበት ገጽ ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር። በአጠገቤ ሞንታርቦ ተተክሏል፤ ማይኩን የያዘው ለፋፊ የሰጪውን ስምና ስጦታውን ለዳሱ ያሰማል። ሰጪው ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለለፋፊው እነግራለሁ፣ ለፋፊው ለአገሩ ይናገራል። እልልታው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ አንድ ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ገቢ መሰብሰቢያ ነው በለኛ!» አለኝ። አይደለም። ገቢ ቢሆን ኖሮ ድምሩ ይበቃ ነበር፤ ስም ምን ያደርጋል? ይህ የብድር መዝገብ ነው። ሰጪው አስመዝግቦ ሲነሣ አጎቴ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ይላል። ቃሉ ምስጋናም ነው፣ ውልም ነው። ባለሱቅ ዱቤ ሲሰጥ ደብተሩን የሚይዘው አበዳሪው ነው። እዚህ ግን ደብተሩን የሚይዘው ተበዳሪው ነው። ዕዳውን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ማንም ሳይጠይቀው ያስቀምጣል፣ የአበዳሪው ልጅ ለወግ ሲበቃ ገልጦ ያነብባል። ከሳሽ የለውም፣ ዳኛ የለውም፤ ያለው ይሉኝታ ብቻ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ማስታወሻ ካልተያዘለት መንገድ ይስታል።

እኔ ታዲያ መምህር ነኝና በሥራዬ ኮራሁ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልሁት። በአንዱ በኩል «ስም»፣ በሌላው በኩል «መጠን» ብዬ ጻፍሁ። ሁለት ዓምድ! ተማሪ ቢሆን ኖሮ ዜሮ የምሰጠው እኔው ነበርሁ።

እስከ ቀትር ነገሩ ሰላም ነበር። ከቀትር በኋላ ሰዉ በአንድ ጊዜ ወረደ። አንዱ ብር ይዞ ያንሾካሹካል፤ እንዲለፈፍለት አይፈልግም። ሌላው ብሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሞንታርቦው ላይ ያለው ሰው እስኪያየው ይቆማል። ሴቶች እህል በቁና፣ እንጀራ በአገልግል፣ ጠላና አረቄ በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ትንሽ ልጅ በግ እየጎተተ ይመጣና በጉ ደብተሬን ሊበላ ይሞክራል። ሰልፉ ሲረዝም የእኔ ጽሕፈት አጠረ። መጀመሪያ ሙሉ ስም ከነአባት እጽፍ ነበር፤ ቀጥሎ የአባት ስም ቀረ፤ በመጨረሻ «ቄሱ 100» እስከ መጻፍ ደረስሁ። ጋይንት ውስጥ «ቄሱ» ብሎ መጻፍ ባሕር ውስጥ «ዓሣው» ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

ማታ እንግዳው ሲቀል ከአጎቴ ጋር ሣጥኑን ከፍተን ቆጠርን። ደብተሩ 38,600 ብር ይላል፤ ሣጥኑ 38,400 ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ቆጠርን፤ ሣጥኑ ሐሳቡን አልቀየረም። አጎቴ አላየኝም፤ አለማየቱ ግን ከማየት የባሰ ነበር። በኋላ ነገሩን ያወጣው ለፋፊው ነው። አንድ የእስቴ ሰው አዝማሪው ግንባር ላይ ባለ 200 ብር ለጥፎ ነበር። (ባለ 200 ኖት በ2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ቁጥሩ ቀንሷል፤ አዝማሪዎች ግን ሲያማርሩ አልሰማሁም።) ለፋፊው ሞቅ ብሎት ነበርና «ሁለት መቶ ብር!» ብሎ ከነስሙ ጮኸ፤ እኔም ከሞንታርቦው ሰምቼ ጻፍሁ። የአዝማሪው ሽልማት የአዝማሪው ነው፤ ለሙሽራው ቤት ዕዳ አይሆንም፣ ከመዝገብም አይገባም። ትምህርቱም ይኸው ነው፦ መዝጋቢ በጆሮው አይጽፍም። ብሩ በዓይኑ ፊት ሣጥን ሲገባ፣ እህሉ ከጆንያ ሲገለበጥ አይቶ ነው የሚጽፈው። በየገጹ ግርጌም ደምሮ ከሣጥኑ ጋር ያስተያያል። ሃያ መስመር ላይ የጠፋ 200 ብር በአምስት ደቂቃ ይገኛል፤ ሁለት መቶ መስመር ላይ የጠፋ ግን ሌሊቱን ይወስዳል።

እስካሁን የነገርኋችሁ ቀላሉን ነው። ገንዘብ ቢጎድል ይቆጠራል። ከባዱ ነገር የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዋሽንግተን ነው።

የሙሽራው ታላቅ እኅት አሜሪካ ትኖራለች። የበሬውን ዋጋ ላከች እንጂ መምጣት አልተመቻትም። ደወለችልኝና «ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ፣ ባመጣው ነገር ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ዝርዝሩን ላክልኝ» አለችኝ። እዚያ አገር ስጦታ ሲመጣ የሰጪው ስም ያለበት ካርድ ተጣብቆበት ይመጣል። ሙሽሮቹ ዕቃውን ሲከፍቱ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይህ የእገሌ ነው እያለ ይጽፋል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፋል። ደስ የሚል ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ግን በግ ላይ ካርድ አይለጠፍም፤ ቢለጠፍም በጉ ይበላዋል።

ጠላ የፈሰሰበትን ደብተር ፎቶ አንሥቼ መላክ አፈርሁ። ስለዚህ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥሁት። ገልብጬም አልቀረሁ፣ የክፍል ስም ጥሪ ይመስል በፊደል ተራ ደረደርሁት፤ ከሀ እስከ ፐ። እጅግ ውብ ሆነ። መ ላይ ስትደርሱ እንዲህ ይላል፦ ሙሉ፣ በግ 1። ሙሉ፣ ገብስ 2 ቁና። ሙሉ፣ 500 ብር። ሦስት ሙሉዎች እንደ ወንድማማች ተሰልፈዋል።

እኅታችን አንዷን ሙሉ ታውቃታለች፤ የጎረቤታችን ባልቴት ናት፣ ልጅ ሳለች ቆሎ እየሰጠች ያሳደገቻት። ዝርዝሩን ስታይ መጀመሪያ ላይ ያለችው ሙሉ እሷ መሰለቻት። ደወለች።

«እትዬ ሙሉ፣ ስለ በጉ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲያ ያለ ሙክት! ውለታዎን እንዴት እንከፍላለን?»

«የምን በግ ነው ልጄ?»

«ለወንድሜ ሰርግ ያመጡት ነዋ!»

ከወዲያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ። «እኔ ድኃ ነኝ። የተቻለኝ ሁለት ቁና ገብስ ነው። ማነሱን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? እንዲህ አድርጎ መንገር ምን ይሉታል?» ስልኩ ተዘጋ። የዋህ ምስጋና ከጋይንት ሲደርስ ሽሙጥ ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት ማታ ባልቴቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ለቅሶ የምትደርስ መስላ ከአጎቴ ቤት ገባች።

ሁለተኛው ምስጋና የሄደው ወደ ስማዳ ነው። እዚያም አንዲት ሙሉ አለች፤ የአጎቴ ሚስት ዘመድ ናት። እኅታችን «ስለ ገብሱ እናመሰግናለን» ብላ ድምፅ ላከችላት። ሴትዮዋ ባሏን ጠርታ አሰማችው፤ ባሏ ጎረቤት ጠርቶ አሰማ። «ከቆላ ወደ ጋይንት ደጋ ገብስ ተሸክማችሁ ሄዳችሁ?» እያለ ሰዉ ሳቀባቸው። ይህ ሳቅ ግን ቁምነገር ነበረው። እህል በአገሩ ይታወቃል፤ ከጉና ግርጌ ያለ ደገኛ ገብስና ድንች፣ ከቆላ የሚመጣ ጤፍና ማሽላ ነው የሚያመጣው። ስሙ ቢጠፋ እንኳ እህሉ ከየት እንደ መጣ ይናገራል። እኔ ግን ዓምዶቼን እንጂ እህሉን አላየሁም ነበር።

ሦስተኛው ሙሉ የመካነ ኢየሱስ ሰው ነው፤ 500 ብር የሰጠ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ። ለእሱ የደረሰው መልእክት «እኅቴ ሙሉ፣ ተባረኪ» ይላል። ደግነቱ ሰውዬው ቀልድ ያውቃል፤ «አሜን፣ ተባርኬአለሁ» ብሎ መለሰ።

ነገሩን ያቃናችው እታለም ናት፤ እስቴ ያለችው የአጎቴ ታላቅ እኅት። እታለም ፊደል አልቆጠረችም። መጥታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና «አንብብልኝ» አለችኝ። የፊደል ተራ ዝርዝሬን ማንበብ ጀመርሁ። ሦስት ስም እንደ ሰማች በእጇ አስቆመችኝ።

«ይኸ ምንድር ነው? ሰዉ እንዲህ ሁኖ አልመጣም።»

«በፊደል ደርድሬው ነው፣ እታለም።»

«ሰው በፊደል ነው እንዴ የሚመጣ? ሲመጣ የጻፍኸውን አምጣ።»

ጠላ የጠጣውን ደብተር ይዤ መጣሁ። ስሙን ትቼ ከበጉ በፊት የተጻፈውን ፈለግሁ። «ቄሱ 100» ይላል። እታለም ዓይኗን ጨፈነች። «ከበጉ በኋላስ?» አለች። «ጤፍ 1 ቁና» አልኋት። «እንግዲያ ቄሱ የወገዳው ናቸው፤ ጤፏም የወገዳ ናት። በአንድ መኪና ነው የመጡት፣ አብረው ገብተዋል። በጉን የጎተተው ልጅ የስማዳዋ የሙሉ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ እግሩን እሾህ ወግቶት እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ቀጥል።» ገብሱ ጋ ስንደርስ በላዩና በታቹ ያሉት ሁሉ የጎጡ ሴቶች ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአንድነት የመጡ። 500 ብሩም በእስቴ ሰዎች መካከል ተገኘ። ሦስቱም ሙሉዎች በየአገራቸው ገቡ።

የገባኝ ይህ ነው። እታለም ስም አትይዝም፤ ሰልፍ ነው የምትይዘው። ማን ከማን ጋር ገባ፣ በምን ዕቃ ያዘ፣ ማን ተቀበለው። እኔ ለውበት ብዬ በፊደል የደረደርሁት ያን ሁሉ ምስክር በትኖታል። ሻካራው ደብተር ባይኖር ኖሮ የእታለምም ትዝታ የሚይዘው አይኖረውም ነበር። ስለዚህ ዋናው ደብተር ጠላም ቢፈስበት፣ በግም ጥጉን ቢግጠው አይጣልም። የተገለበጠው ለማንበብ ይመቻል፤ ሲምታታ የሚጠየቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አለመሆኑን የነገሩኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። ስጦታን ከነሰጪው መመዝገብ በቤተ ክህነት የቆየ ሥራ ነው። ለገዳማትና ለአድባራት የተሰጠ መሬትና ንዋየ ቅድሳት ባዶ በሆነው የወንጌል ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር የሚገኘው ራሳቸው በሰጡት ወንጌል ውስጥ ነው። ወንጌል ላይ የሚጻፈው እንዳይጠፋ ነው፤ ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀውም ነው። ሰው ግን ሰው ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም ተፍቆ በቦታው የኋለኛው ባለቤት ስም ይታያል። ስጦታው የአንዱ፣ ጸሎቱ ለሌላው! የእኔን በግና ገብስ አስቡት። እኔ በችኮላ ያደረግሁትን እነዚያ በምላጭ አድርገውታል።

መሪጌታው በዚህ አላበቁም። «ጋይንት ተወልደህ ይህ ይጠፋሃል?» አሉኝ። ጋይንት የቤተልሔም አገር ነው፤ የድጓ መምህር የሚሆን ሰው መጥቶ የሚያስመሰክርበት። ድጓ ላይ ቃሉ በመስመር ይጻፍና በላዩ በደቃቅ ፊደል ምልክት ይደረግበታል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ዜማው የሚለየው በምልክቱ ነው። «ሙሉ ብሎ መጻፍ ምልክት የሌለው ድጓ ነው፤ ማን ያዜመዋል?» አሉ። እኔም ከዚያ ወዲያ ከስም በላይ አንዲት ትንሽ ምልክት መጻፍ ጀመርሁ። የቤተሰብ መጠሪያ የምንለው ነገር የለንም፤ ያለን የራስ ስምና የአባት ስም ነው፤ ይህም ሁለት ሰው ላይ ሲገጥም አይደንቅም። ሴቲቱ ደግሞ በወላጆቿ ቤት አንድ ስም፣ በአማቷ ቤት ሌላ ስም፣ በሰፈር «የእገሌ እናት» ትባል ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱ ሰው የሚያውቃት በምን እንደሆነ ነው፦ ባልቴቷ፣ የባለ ወፍጮው ሚስት፣ ከወንዙ ማዶ።

የተማርሁትን የምሞክርበት ሰርግ በዓመቱ እስቴ ላይ መጣ፤ የእታለም የልጅ ልጅ ተዳረች። እስክሪብቶዬን ደብቄ ነበር የሄድሁት። እታለም ግን ከኪሴ ሳይሆን ከራሴ አወቀችብኝ። በዚህ ጊዜ ዓምዶቹ ስድስት ሆኑ፤ ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ፤ የቀሩት ተራ ቁጥር፣ ስምና መጠን ናቸው።

አንደኛው «ያመጣው እጅ» ነው። ባለቤቱ ሌላ፣ ተሸክሞ የመጣው ሌላ ነው። የስማዳዋ በግ የመጣው በልጇ እጅ ነበር፤ ልጁን «ስምህ ማነው?» ብዬው ቢሆን ኖሮ በጉ የልጁ ይሆን ነበር። በስልክ የሚመጣው ብርም ከዚህ አያመልጥም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከወጣ ወዲህ መምጣት ያልቻለ ዘመድ በስልክ ይልካል። የሚደርሰው መልእክት የሚያሳየው ስልኩ የተመዘገበበትን ስም ነው። አጎቱ በጎረቤት ልጅ ስልክ ቢልክ፣ ምስጋናው ሙሽራውን አይቶት ለማያውቅ የጎረቤት ልጅ ይሄዳል። መልእክቱ እንደ ደረሰ መልሶ ደውሎ «ይህ የማን ነው?» ማለት ነው እንጂ ስሙን እንዳለ መገልበጥ አይሆንም።

ሁለተኛው «የማን እንግዳ» የሚለው ነው። ይህን ያስጨመረችኝ እታለም ናት። ለሙሽሪት አባት ብሎ የመጣ ሰው ብድሩን የሚመልስለት አባትየው ነው፤ ለእናትየው የመጣውን እናትየው፣ ከሙሽሪት ጋር የተማረችውን ሙሽሪት ራሷ። ይህ ካልተጻፈ ሁለቱ አንዱን ብድር ደርበው ይከፍላሉ፣ ሌላውን ደግሞ እሱ ይከፍለዋል፣ እሷ ትከፍለዋለች ሲባባሉ ሳይከፈል ይቀራል። በማኅበር አዋጥተው ከመጡም የማኅበሩን ስም በአንድ መስመር፣ የአዋጪዎቹን ስም በግርጌ እጽፋለሁ። ማኅበር ልጅ አይድርም፤ ልጅ የሚድረው አባሉ ነው።

ሦስተኛው «ዕቃው» ነው። አገልግል፣ ጀሪካን፣ ጆንያ ሁሉ ባለቤት አለው። ሴቶቹ ራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ አገልግሉ ማንገቻ ላይ ቀይ ክር ወይም የጨርቅ ቅዳጅ ያስራሉ። እኔ «ቀይ ክር» ብዬ ከስሙ ጎን እጽፋለሁ። የስም ክርክር ሲነሣ ክሩ ይመሰክራል። ዕቃ ሲመለስም ባዶውን ስለማይመለስ፣ ከድግሱ ዳቦ ወይም ሌላ ነገር ይደረግበታል፤ የመጀመሪያው ምስጋና የሚደርሰው በዚህ ነው። የሌላ ሰው አገልግል ውስጥ ገብቶ ከሄደ ግን ያው እንደ በጉ ነው። ቁናውም የዕቃ ጉዳይ አለበት፤ የአንዱ ቤት ቁና ከሌላው ይበልጣል። «2 ቁና» ብቻ ሳይሆን «በራሷ ቁና» ወይም «በእኛ ቁና» ተብሎ ይጻፋል።

በደብተሩ ራስ ላይ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍም እንዳይረሳ። አጎቴ በ1998 ዓ.ም. የተያዘ የሌላ ድግሱ ደብተር አለው። አንድ ሰው ያኔ 20 ብር አስመዝግቦለታል። ዘንድሮ የዚያ ሰው ልጅ ሲያገባ አጎቴ 20 ብር ይዞ ቢሄድ ደብተሩ ተዘግቷል፤ ሰውዬው ግን ተሰድቧል። ዓመቱ ተጽፎ ስላገኘው አጎቴ ያኔ 20 ብር ምን ይገዛ እንደነበር አስታወሰ፣ በዚያ ልክ አሰበ፣ በላዩ ጨመረበት። ብድር ሲመለስ ትንሽ ይጨመርበታል፤ ልክ በልክ መመለስ ሒሳብ መዝጋት ይመስላልና። የእህልና የበግ ብድር በዚህ በኩል ዕረፍት አለው። ብር በየዓመቱ ይከሳል፤ በግ ያው በግ ነው።

የባልቴቷን ነገር ሳልጨርስ አልቀርም። እኅታችን ደግማ ደወለችላት። በዚህ ጊዜ «ስለ ሁለቱ ቁና ገብስ» አለቻት፤ «ጠላው የተጠመቀው በርስዎ ገብስ ነው» አለቻት። እውነት ነበር፤ እታለም ነግራታለች። የመልሱ ጠላ የተጠመቀው በዚያ ገብስ ነው። ባልቴቷ ደስ ብሏት ያን ነገር ለአንድ ወር ያህል ስታወራ ከረመች። በበግ ስትመሰገን ያለቀሰች ሴት በገብስ ስትመሰገን ሳቀች። ሰው የሚፈልገው ትልቅ ምስጋና ሳይሆን የራሱን ምስጋና ነው።

ዘንድሮ ደግሞ የስማዳዋ ሙሉ ልጅ ዳረች። አጎቴ ደብተሩን ገልጦ አየና ሙክት ገዛ፤ እኔም ገመዱን ይዤ ወገዳ ድረስ ወረድሁ። ዳሱ በር ላይ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ዓምድ አስምሮ ተቀምጧል። «ስም?» አለኝ። የአጎቴን ስም ነገርሁት። ጻፈና «ቀጥል» አለ፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። አልተንቀሳቀስሁም። እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁና ከስሙ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ጨመርሁበት፦ ከላይ ጋይንት፣ የሙሽሪት እናት እንግዳ፣ ያመጣው የእኅቱ ልጅ።

እናንተም ሰርግ ስትጠሩ እንዲሁ አድርጉ። ስጦታውን አስረክባችሁ ወደ ጠላው አትሩጡ። ስማችሁን ከነአባት፣ ከነጎጡ፣ ከነምልክታችሁ አስጽፉ፤ መዝጋቢው ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ሰልፈኛው ቢያጉረመርም ታገሡት። እሱም ሙሉ ሊሆን ይችላል።